መሬት ያልነካ ጫማ

ሞጣ ገበያ ከሙሐመድሸሪፍ ሱቅ የገባ ሰው ሁለት ሰሌዳ ያነባል። የላይኛው «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል። ከሥሩ ያለው፣ የባለሱቁ አባት በሕይወት ሳሉ ያስጻፉት፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» ይላል። እንግዲህ ይህ ምን ዓይነት ንጉሥ እንደሆነ አስቡት። ዘውዱን ጭኖ ይገባል፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ይወጣል፣ ቤቱ ሲደርስ ጫማው ቢጠበው እግሩን ከመቁረጥ በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም። ሁለቱ ሰሌዳዎች ግን በሰላም ይኖራሉ። በዚህ አገር እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሰሌዳዎች ተጣልተው አያውቁም፤ የሚጣላው ሁለቱንም ያነበበው ሰው ነው።

ዘሚራ የሙሐመድሸሪፍ ታናሽ እህት ናት። ከእነዚያ ሰሌዳዎች ሥር ነው ያደገችው። ጫማ አውርዳለች፣ ጫማ ሰቅላለች፣ ዕቃ ሊመልስ የመጣውንም ሰው መልሳለች። ለዚህ ሥራ ምላስ አያስፈልግም፤ ወደ ግድግዳው የሚያመለክት ጣት ይበቃል። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ፤ ክፉን ሰው ጥሎ መሄድ ይቻላል። እሱ ደግ ነው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያበላታል፣ ያለብሳታል፣ ያስብላታል፤ ባሰበላት ቁጥርም አንድ በር ይዘጋባታል። መምህርነት ልማር ስትል መንገዱ አስጊ ነው ብሎ አሰበላት። ባሕር ዳር ሄጄ ልሥራ ስትል ቤት ኪራዩን አሰበላት። ሠላሳ ዓመት ሲያልፋት ከባንኮኒው ጀርባ ሆና የምታስበው ነገር ቢኖር የሚያስብላት ሰው እንዲያንሳት ብቻ ነበር።

ከሱቁ ጎን ባዶ ካርቶን የሚከማችበት ባለ አንድ በር ጠባብ ክፍል አለ። ዘሚራ እሱን እንዲሰጣት ወንድሟን ለመነችው። በስልክ ጫማ ልትሸጥ ነው፤ የሴት ጫማ፣ በቴሌግራም ፎቶ እየለጠፈች፣ ለቢቸና ሰዎች።

«ቢቸና ጫማ የለም እንዴ?» አላት።

«አለ። ያደረገችው ሁሉ ጎረቤቷን ነው የምትመስለው።»

ሳቀና ፈቀደ። «እስከ አረፋ ሞክሪው። ከቆመልሽ በሩ ያንቺ ነው። ካልቆመ በሩ ለካርቶኑ፣ አንቺ ለባንኮኒው።» ይህን ሲላት እንደ አባት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘሚራ ካርቶን ባየች ቁጥር ተቀናቃኟን ያየች ይመስላት ነበር።

ቢቸና ላይ ይርጋነሽ አለችላት። በወጣትነታቸው ሞጣ እነዘሚራ ግቢ ቤት ተከራይታ የተማረች፣ አሁን ከመናኸሪያው አጠገብ ጸጉር ቤት የከፈተች ልጅ ናት። አካሄዱ ቀላል ነው፦ ገዢዋ ፎቶውን አይታ ቁጥሯን ትናገራለች፣ ገንዘቡን በስልክ ትልካለች፣ ጫማው በሚኒባስ ጉንደ ወይንን አልፎ፣ ደብረ ወርቅን አልፎ፣ ይርጋነሽ ዘንድ ይወርዳል። እስከዚህ ያለው ሁሉ ያማረ ነው። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው፤ እግር የሚባል ነገር አለ።

ዘሚራ ቻናሉን ስትከፍት ያሳደጋትን ቃል ነው የለጠፈችው፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ሌላ ቃል የት ታውቃለች? ሰዉ ፎቶውን ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ «ሌላ ቀለም የለውም?» ይላል፣ መጨረሻ ላይ «ባይሆነኝስ?» ብሎ ይጽፋል። እሷ ወደ ማስታወቂያው ትመራዋለች። ከዚያ ዝም። ሱቅ የገባ ሰው ጫማ ለክቶ ነው የሚገዛው፤ በስልክ ግን እግሩን የት ያስገባል? ያልለካውን እንዲገዛ፣ የገዛውንም እንዳይመልስ መጠየቅ በሬውን ሳያሳዩ ዓይንህን ጨፍነህ ጠምደህ እረስ እንደማለት ነው።

ወር ሙሉ ከተቀመጠች በኋላ ቃሉን አጥፍታ ሌላ ጻፈች። «ካልወደዱት ይመልሱት፣ ገንዘብዎ ይመለሳል።» ይኸው ነው። ቀን የለውም፣ ወሰን የለውም፣ እንደ ጸሎት የተዘረጋ እጅ ነው። ቢቸናም እጇን ተቀበለቻት። ጥር ነበር፤ ጥር የጎጃም የሠርግ ወር ነው። ታኮ ጫማው ዓርብ ዓርብ በሚኒባስ ሄደ፣ ሰኞ ሰኞ በሚኒባስ ተመለሰ። አልሆነኝም፣ አልሆነኝም፣ አልሆነኝም። ዘሚራ ካርቶኑን ስትከፍት የድንኳን ሣር ከታኮው ላይ ተጣብቆ ታገኛለች። አንደኛው ጫማ ውስጥማ የሙሽራ መኪና ላይ የሚታሰር ሪባን ቁራጭ ነበረ። አልሆነኝም ያለችው እግር ሌሊቱን ሙሉ ጨፍራበታለች፤ ባይሆናት ኖሮ ምን ልትሆን ነበር?

ያን ጫማ አዲስ አበባ ያለው አከፋፋይ አይቀበላትም። እሱ ደግሞ የራሱ ሰሌዳ አለው። ስለዚህ ከላይ የማይመልስ፣ ከታች የማይጠግብ፣ በመካከል ዘሚራ። ወንድሟ በጎን በሩ ብቅ ብሎ የተከመረውን አየ።

«ነግሬሽ ነበር» አለ በሐዘኔታ። ሐዘኔታው እውነተኛ ስለነበር ይበልጥ አንገበገባት። «ሰዉ አንቺን አይፈራም፣ ዘሚራዬ። ሰዉ የሚፈራው ፈጣሪን ነው። እሱን ካላቆምሽበት ማንንም አትችይውም።»

እንዲሁ ያለው ነገር ነበር። እሷ ግን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ተቀበለችው። ጎጃም ውስጥ መሐላ ቀልድ እንዳልሆነ ማን ያጣዋል? የድንበር ክርክር በመሐላ ይዘጋል፣ የጠፋ ከብት በመሐላ ይፈለጋል። እንግዲያው ለጫማ ምን ያንሰዋል? ዘሚራ ሦስተኛውን ቃል ጻፈች፦ «ጫማውን አለማድረጉን በሃይማኖቱ የማለ ደንበኛ ገንዘቡ ይመለስለታል።» ደሞዝ የማይጠይቅ ዘበኛ የቀጠረች መሰላት። እስላሙም ክርስቲያኑም በየእምነቱ፣ ማንም አይበደልም። እንዲያውም ስትለጥፈው ትንሽ ኮራ ብላለች፤ ሞኝነት ሁልጊዜ ከመምጣቱ በፊት ኩራትን ወደ ፊት ይልካል።

መጀመሪያ የማለው ባየ ነው። ባየ የቢቸና የቤት ደላላ ነው፤ የሌለውን ቤት ሁለት ጊዜ አከራይቷል እየተባለ የሚታማ። ለሚስቱ የገዛውን ጫማ ይዞ ጸጉር ቤቱ መጣና ይርጋነሽ ገና «እንግዲህ» ሳትል በጊዮርጊስ ማለ። ጨምሮ በእናቱ አጥንት ማለ። ያልተጠየቀውን በአባቱም ማለ። ጫማው ተረከዙ ተንሻፎ ነበር። በሌላው ሳምንት ሌላ ገዛ፤ እንደገና ማለ። ይርጋነሽ ደውላ «ኧረ ይሄ ሰው ቅዱሳኑን ሊጨርሳቸው ነው» አለቻት። ዘሚራ ግን ቃሏን ጽፋለች፤ ከፈለች።

ከባየ በቀር የማለ የለም። እሷም ነገሩ ሠራ አለች። መላሹ ቀረ፤ ቅሬታ የለም። ቅሬታ የለም ማለት ደስታ አለ ማለት እንዳልሆነ፣ መቃብርም ቅሬታ እንደሌለው የሚነግራት አልነበረም። ቀስ በቀስ ግን መላሹ ብቻ ሳይሆን ገዢውም እንደቀረ ታያት። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ እንደገና ተጀምሮ እንኳ ከቢቸና የሚመጣው መልእክት የይርጋነሽ ሰላምታ ብቻ ሆነ። አረፋም ቀረበ። ወንድሟ በጎን በሩ ሲያልፍ ካርቶኖቹን የት የት እንደሚደረድር በዓይኑ ይለካ ጀመር።

አንድ ቀን ጥቁሩን የሠላሳ ስምንት ቁጥር ጫማ ፎቶ ልታነሳ ከካርቶኑ አወጣችው። ቀኝ እግር ነው። ሌላኛውን አወጣች። እሱም ቀኝ እግር ነው።

ዘሚራ ሁለቱን ጫማ ፊት ለፊቷ አስቀመጠች። ከዚህ ዓይነት ሁለት ጥንድ ብቻ ነበራት። አንዱን ቢቸና ልካለች። እንግዲያው ቢቸና ውስጥ አንዲት ሴት ሁለት ግራ ጫማ ይዛ ተቀምጣለች፣ ምንም አላለችም።

ደወለች። «ይርጌ፣ ጥቁሩን ማን ነው የወሰደው?»

«እትዬ ወለተ ሥላሴ ናቸዋ። ለክርስትና ልጃቸው ሠርግ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። እኔንም የሚገርመኝ እሱ ነው። እሳቸውም ዝም፣ ማኅበርተኞቻቸውም ከዚያ ወዲህ ዝም። ድሮ ጸጉር ሊሠሩ ሲመጡ ፎቶ አሳዪን ብለው ነበር የሚያስቸግሩኝ።»

በነጋታው ዘሚራ አንድ ቀኝ ጫማ በፌስታል ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። ወንድሟ መንገዱ አስጊ ነው አላት። መንገዱ እውነትም አስጊ ነበር፤ ደግ ሰው ከሚያስመርርባቸው ነገሮች አንዱ አንዳንዴ ልክ መሆኑ ነው።

እትዬ ወለተ ሥላሴን ግቢያቸውን ሲጠርጉ አገኘቻቸው። ወፍራም፣ ረጋ ያሉ፣ ንግግራቸውን እንደ ጨው ቆንጥረው የሚሰጡ ሴት ናቸው። አስገቧት፣ አስቀመጧት። ጫማው ግድግዳው ላይ ካለው መደርደሪያ፣ ከሥዕለ ማርያሙ ዝቅ ብሎ፣ ከነወረቀቱ ተቀምጧል። ሁለት ግራ።

«እትዬ፣ ስሕተቱ የኔ ነው። ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ልጄ?»

«ተሳስተሽ ልከሻል ብለው ነዋ።»

«ጽፈሽ የለም እንዴ። ይማል ብለሽ።»

«እርስዎ ግን እውነት ነው የያዙት።»

«እውነት ከያዝኩ ለምን እምላለሁ?» አሉ፤ ቁጣ የለበትም፣ ቁጣ ቢኖርበት ዘሚራ መልስ ታገኝለት ነበር። «አባቴ እርሻውን ተቀምቶ አልማለም። አሁን እኔ ለአንድ ጫማ የፈጣሪን ስም ልጥራ? ማኅበር ላይ ብናገረው እነሱም እንዲህ አሉኝ፣ ‹ያቺ የሞጣ ልጅ ጫማ ትሽጥ እንጂ ነፍስ ትመረምራለች እንዴ?› አሉ።»

«ለሠርጉ ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ኮንጎ ጫማዬን። ማን የኔን እግር ያያል።»

ዘሚራ ወለሉን አየች። የእናቷ ድምፅ መጣባት። እናቷ በገበያ ቀን ጨርቅ ሲሸጡ «ወላሂ ያልሽበት ዕቃ ይሸጣል፣ በረካው ግን አብሮት ይሄዳል» ይሏት ነበር። በልጅነቷ ሸምድዳዋለች። በጉልምስናዋ ደግሞ መሐላን የሱቋ በር ላይ ዘበኛ አድርጋ አቆመች። ዘበኛውም ሥራውን ሠራ፦ ፈጣሪን የሚፈራውን ሁሉ ከበር መለሰ፣ የማይፈራውን ባየን እጅ ነሥቶ አስገባ።

ይቅርታ ጠየቀች። ቀኙን ጫማ ከፌስታሉ አውጥታ አንዱን ግራ ወሰደች። እትዬ ወለተ ሥላሴ «እንግዲህ አሁን ጫማ ሆነ» አሉና ለሌላው ሠርግ አስቀመጡት። ዘሚራ በእጇ የቀረውን ግራ ጫማ ገልብጣ አየችው። ከፋሲካ ወዲህ ከመደርደሪያው አልወረደም። ሶሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ያብረቀርቃል፤ አንዲት ጭረት የለችበትም። ማንም ሳይምል ሁሉን ነገር እየተናገረ ነው።

ለመመለስ መናኸሪያ ስትደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይናገርም። ረዳቱ «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ» አላት። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ በዚህ አገር የቀን ስም ነው። ዘሚራ በወንድሟ ቤት ከሰሌዳ ሥር፣ እዚህ ደግሞ ከኬላ በስተጀርባ። ይርጋነሽ ጸጉር ቤት ፍራሽ ተነጠፈላትና አረፋ እየቀረበ፣ እሷ ሻምፑ እየሸተታት ቁጭ አለች። ኔትወርክም አልነበረም። መጻፍ ግን ኔትወርክ አይጠይቅም፤ ከይርጋነሽ ባዶ የጫማ ካርቶን ክዳን ለምና ጀርባው ላይ ጀመረች።

ጸጉር ቤት ውስጥ ግን ብቻውን የጻፈ ሰው የለም። ከጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሃና ተቀምጣለች፤ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች የንግድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ናት። ወደ አገሯ ዝውውር ከጠየቀች ቆይታለች፤ ማመልከቻዋም እንደ እሷው ተመድቦ የሆነ ቦታ ተቀምጧል። ይርጋነሽ ሌላ ሴት ጸጉር ትጎነጉናለች።

ዘሚራ የጻፈችውን አነበበች። «ያደረጉት ጫማ በፍጹም አይመለስም።»

«ጠብ ጀመርሽ» አለች ይርጋነሽ። «ሰላም ሳትይኝ ‹በፍጹም› ትይኛለሽ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«የምትሰጪውን አስቀድሚ፣ የምትነሺውን ኋላ። እኔ ጸጉርሽ ያልቃል ብዬ ብጀምር ማን ይቀመጥልኛል?»

ሃና ካስኩን ከፍ አደረገች። «ደንበኛው በገባው የውል ግዴታ መሠረት ተብሎ ቢጀመርስ?»

«እህቴ፣ ጫማ ነው እንጂ ግንብ አይደለም» አለች ይርጋነሽ፤ ተጎንጓኟ ሴት ሳቀች። ሃናም ሳቀች፤ የቢሮ ቃል ከቢሮ ሲወጣ እንደሚያስቅ ያወቀች ሰው ነበረች። ግን ቁም ነገር ነገረቻቸው። ጉድለት ያለበት ዕቃ ሌላ ነው፣ እግር ያልሆነው ሌላ ነው። ጉድለት ካለበት ገዢው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል፤ አዋጁ ነው። ግድግዳ ላይ ምንም ቢጻፍ መብቱ አይፋቅም። ሳይጎድል እግር ያልሆነው ወይም ዓይን ያልወደደው ግን በሻጭዋ ቃል ይገዛል፤ እዚያ ላይ የፈለገችውን ወሰን ማድረግ ትችላለች፣ አስቀድማ እስከተናገረች ድረስ።

ዘሚራ የወንድሟን ሰሌዳ አሰበች። ያን ያህል ዘመን ጣቷን ስትቀስርበት የኖረችው ቃል፣ ለጎደለ ዕቃ ከሆነ፣ ከነጭራሹ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ስንት ሰው በጣቷ መልሳለች።

«ስለዚህ ነገሩ ለሁለት ይለያል» አለች። «የኛ ጥፋት ከሆነ የመኪናውንም ሂሳብ እኛ። እግር ካልሆናቸው የመመለሻውን እነሱ።»

«እግር ካልሆናቸው ደግሞ መጀመሪያ በሌላ ቁጥር ለውጪ» አለች ይርጋነሽ። «ገንዘብ ከመመለስ ጫማ መለወጥ ይሻላል። ቁጥሩ ከሌለሽ ነው ገንዘቡ።»

«በስንት ቀን?» አለች ሃና።

«በአምስት ቀን» አለች ዘሚራ።

«መንገዱ እንዲህ ሲዘጋስ?» አለች ተጎንጓኟ ከአቀረቀረችበት። ዘሚራ «መንገድ የተዘጋበት ቀን አይቆጠርም» ብላ ጻፈች። ያን መስመር ስትጽፍ ስለ ጫማ ብቻ እንዳልጻፈች ታወቃት፤ እስከ አረፋ ከተሰጣት ጊዜ ግን የተዘጋውን ቀን ማን ይቀንስላታል?

ከዚያ ዋናው ቀረ። ያደረገና ያላደረገ በምን ይለያል? ዘሚራ የእትዬ ወለተ ሥላሴን ጫማ ገልብጣ አሳየቻቸው። «በሶሉ። ሰውየውን አንጠይቅም፣ ጫማውን እናየዋለን።» ጻፈችም፦ «ቤት ውስጥ ይለኩት። መሬት ያልነካ ጫማ ይለወጣል።»

በዚህ መካከል ባየ ገባ። መንገዱ ቢዘጋ እሱ የሚሄድበት የለውምና አልቸገረውም። ሦስተኛ ጫማ ይዟል።

«አልሆናትም» አለ። «በጊዮርጊስ፣ ቤት ውስጥ ለካችው እንጂ ደጅ አልወጣችበትም።»

ይርጋነሽ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። «እናትህን እንኳ ተዋቸው፣ ደግሞ አጥንታቸውን ልታስነሳ ነው? መሐላው ተሽሯል። የጫማው ነጋዴ ይቺውልህ፣ አሳያት።»

ዘሚራ ጫማውን ገለበጠችው። ሶሉ አፈር ነክቶታል፣ ግን አላለቀም፤ ጣቱ ጋም አልተጨማደደም። «መሬት ነክቷል፣ ጋሽ ባየ።»

«መሬት ነክቷል!» አለ። «የኔ ቤት ወለሉ ምን መሰለሽ? እበት ልቅልቅ ነው። አልጋ ላይ ቆማ ትለካው? አልጋው ራሱ በድንጋይ ነው የቆመው። ምንጣፍ ያለው ሰው ካለ ያከራየኝ፣ እኔ ደላላ ነኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ዘሚራ ግን አልሳቀችም። ውሸታሙ ለአንድ ጊዜ እውነት ተናግሯል፤ እንዴት አድርጎ ብትሉ፣ የወለሉን ነገር ሳይምል። ከቢቸና ቤቶች ስንቱ ሲሚንቶ ነው? ቃሉ እንዲህ ከወጣ ምንጣፍ ያላት ትመልሳለች፣ ወለሏ አፈር የሆነባት ግን ቤቷ ይመሰክርባታል። የነፍስ ምርመራውን ትታ የወለል ምርመራ ልትጀምር ነበር።

የያዘችው የካርቶን ክዳን ላይ ዓይኗ ዐረፈ። የምትጽፍበት ክዳን። እያንዳንዱ ጫማ ይዞት የሚመጣ ክዳን። ከወንድሟ ጋር ሆኖ በሯን ሊወስድባት የሚጠብቃት ያ ጠላቷ።

«ተነሺ እስቲ» አለቻት ይርጋነሽን። ክዳኑን ወለሉ ላይ አደረገች። «ቁሚበት።» ይርጋነሽ ቆመች፤ ለሁለት እግር በቂ ነው። «እንዲህ ትለካዋለች። ቤተ መንግሥት ብትኖር፣ ጎጆ ብትኖር።»

«ሰፋ ያለ እግር ያላትስ?» አለች ሃና።

«አንድ በአንድ ትለካለች።»

ለባየ ያን ጫማ ለወጠችለት፤ ቃሉ ሳይወጣ በፊት የተገዛ ነውና። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው ግን» አለችው። ባየም «እኔ ባልናገር ኖሮ ደንብሽ ተበላሽቶ ነበር፣ ኮሚሽን የለውም?» አለ። እንደ ደላላ ነው የወጣው፤ በሁለት በኩል ተቀባይ።

መንገዱ ሲከፈት ዘሚራ ሞጣ ገባች፣ ኔትወርክ ሲመጣ ለጠፈችው።

«ጫማዎ ሲደርስዎ ከካርቶኑ ክዳን ላይ ቆመው ይለኩት። ባይሆንዎ ወይም ባይወዱት፣ ሶሉ መሬት ሳይነካ በደረሰዎት በአምስት ቀን ውስጥ ከነካርቶኑ ለይርጋነሽ ጸጉር ቤት ያድርሱ። በሚሆንዎ ቁጥር እንለውጣለን፤ ቁጥሩ ከሌለን ገንዘብዎን እንመልሳለን። የመመለሻውን የመኪና ሂሳብ እርስዎ ይችላሉ።

ስሕተቱ የእኛ ከሆነ፣ ሌላ ቁጥር ወይም ሌላ ቀለም ከላክን፣ ወይም ጫማው ጉድለት ካለበት፣ መሬት ነክቶም ቢሆን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንለውጣለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን። መኪናውን እኛ እንችላለን።

መንገድ የተዘጋበት ቀን አይቆጠርም። ጉድለት ሳይኖርበት መሬት የነካ ጫማ መቀበል አንችልም፤ ይቅርታዎን። ምንም መማል የለብዎትም።»

የመጨረሻዋን መስመር ይርጋነሽ አውጪው ብላት ነበር። ዘሚራ እምቢ አለች። ለአንድ ሰው የተጻፈች ናት።

እትዬ ወለተ ሥላሴ አነበቡት ወይስ ተነበበላቸው አይታወቅም። ማኅበሩ ግን ከተቀመጠ በኋላ ይርጋነሽ ዘንድ ሴቶች መጡ፤ ፎቶ አሳዪን አሉ። ከዚያ ትዕዛዝ መጣ። መላሽም መጣ፤ ጫማው ከነክዳኑ፣ ክዳኑ ላይ የእግር ዱካ ታትሞ፣ ሶሉ ግን ንጹሕ። ዘሚራ በሌላ ቁጥር ለውጣ ላከች፣ የተመለሰውንም እንደ አዲስ ሸጠችው፤ አዲስ ነበርና። አንድ ጫማ አፈር ነክቶ መጣ፤ ባለቤቷ «የኔው ጥፋት ነው» ብላ ሳትጣላ መልሳ ወሰደችው። ከጫማ ጋር ማን ይከራከራል?

የአረፋ ዋዜማ ሙሐመድሸሪፍ በጎን በሩ መጣ። ቁጭ ብሎ ስልኳ ላይ ያለውን ቃል ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ይህን ሁሉ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«ከነይርጋነሽ ጋር።»

«ቆንጆ ነው። በጣም ቆንጆ ነው።» ዓይኑ ትንሽ እንባ ያዘ፤ ደግ ነው ብለናል። «ለኔም ሱቅ ጻፊልኝ። ትልቅ አድርገሽ። ሰዉ ይወደዋል።»

ዘሚራ ብዕር አነሳች። «እጽፍልዎታለሁ፣ ጋሼ። የድሮውን ሰሌዳ ግን ያውርዱት።»

ከሱቁ ወደሚለየው ግድግዳ ቀና ብሎ እያየ አሰበ። «እሱንማ እንዴት አድርጌ? የአባባ እኮ ነው። ከአጠገቡ ስቀይው።»

«አይቃረንም?»

«ምን ይቃረናል። የወደደ የወደደውን ያነባል።» ተነሣ። «ደግሞ ሶሉን ማን ያየዋል? እኔ ዓይኔ ደክሟል። ጠዋት ጠዋት ብቻ አንቺ ባንኮኒው ላይ ትሆኛለሽ፤ ከሰዓት በሩ ያንቺ ነው። እንደ ቃሌ።» ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና ካርቶኖቹን እዚያው በሯ ውስጥ አንድ ጥግ እንዲደረድርለት ሰው ሊጠራ ወጣ። ግማሽ በር፣ ግማሽ ቀን፤ በደግነት ተለክቶ የተሰጠ ነጻነት ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ይጠባል፣ ደግሞም አይመለስም።

ዛሬ ከሙሐመድሸሪፍ ሱቅ የገባ ሰው ሦስት ሰሌዳ ያነባል። ደንበኛ ንጉሥ ነው። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ከካርቶኑ ክዳን ላይ ቆመው ይለኩት። በቀደም አንድ ገበሬ ልጁን የጠበበውን ጫማ በብብቱ ይዞ ገባና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከዚያ ባንኮኒው ጀርባ ወደ ቆመችው ዘሚራ ዞረ።

«እታለም፣ የቱን ነው የምናምነው?»

ዘሚራ ጫማውን ተቀብላ ገለበጠችው። ሶሉ ንጹሕ ነው። ወንድሟ ከበሩ ላይ ሆኖ እያያት ነበር።

«ከሰዓት ይምጡ» አለችው ቀስ ብላ። «ከሰዓት በዚያኛው በር ነኝ።»